ዝንጅብል ማቅለሽለሽን የሚያስታግሰው እንዴት ነው?

በወላይታና በከምባታ አካባቢዎች ዝንጅብል የብዙ አርሶ አደሮች የገበያ ሰብል ነው። በከተማም ሆነ በገጠር ቤት ደግሞ ሆድ ሲታወክና ሲያቅለሸልሽ ከጓዳ ቀድሞ የሚፈለገው እርሱ ነው። አንዱ በሻይ ያፈላዋል፣ ሌላው ቆርጦ ያኝከዋል፣ ሌላው ደግሞ ዱቄቱን በማር ለውሶ ይወስደዋል። ይህ ልማድ ከትውልድ ትውልድ የተላለፈ ቢሆንም፣ ዝንጅብል በሰውነት ውስጥ ምን እንደሚሠራ በዝርዝር የተመረመረው ግን ባለፉት ጥቂት አሥርት ዓመታት ነው።

የምርምሩ ውጤት በአጭሩ ሲገለጽ፣ ዝንጅብል ሁለት ሥራ ይሠራል። አንደኛ፣ ከአንጀት ወደ አንጎል የሚሄደውን የማቅለሽለሽ መልእክት ያዳክማል። ሁለተኛ፣ ሥራው የዘገየ ጨጓራ የያዘውን ምግብ ወደ ትንሹ አንጀት እንዲያሳልፍ ያግዛል። የማቅለሽለሹን መነሻ ግን አያጠፋም። ይህን ልዩነት መረዳት ምን ያህል መውሰድ እንደሚገባ፣ መቼ እንደሚረዳና መቼ ወደ ጤና ተቋም መሄድ እንደሚያስፈልግ ለመለየት ይጠቅማል።

መልእክቱ የሚነሣበት ቦታ

ማቅለሽለሽ የሚሰማን በሆዳችን ይመስለናል፤ ስሜቱ የሚፈጠረው ግን በአንጎል ውስጥ ነው። ሆድ መልእክት ላኪ ነው። በመልእክቱ ልውውጥ ውስጥ ትልቅ ድርሻ ያለው ሴሮቶኒን የተባለው ንጥረ ነገር ነው። ሴሮቶኒን ብዙውን ጊዜ ከስሜትና ከእንቅልፍ ጋር ተያይዞ ይነሣል እንጂ፣ በሰውነታችን ካለው ሴሮቶኒን 90 በመቶ ያህሉ የሚገኘው በአንጀት ውስጥ ነው።

በአንጀት የውስጠኛው ሽፋን ላይ እንደ ዘብ የቆሙ ልዩ ሕዋሳት አሉ። የተበከለ ምግብ፣ መርዛማ ነገር ወይም እንደ ካንሰር መድኃኒት ያለ ኃይለኛ ኬሚካል ሲያጋጥማቸው፣ በውስጣቸው ያከማቹትን ሴሮቶኒን ይለቅቃሉ። የተለቀቀው ሴሮቶኒን በአቅራቢያው ወደሚገኙት የነርቭ ጫፎች ይደርሳል። በእነዚህ ጫፎች ላይ ሴሮቶኒንን ለይተው የሚይዙ ተቀባዮች አሉ። የሴሮቶኒን ተቀባዮች ብዙ ዓይነት ሲሆኑ፣ ለማቅለሽለሽ ዋነኛው ዓይነት ሦስት የሚባለው ነው።

ይህን ተቀባይ ቁልፍ እንዳለው በር አድርጎ ማሰብ ይቻላል። አምስት የፕሮቲን ክፍሎች ክብ ሠርተው ይቆሙና በመካከላቸው ጠባብ መተላለፊያ ይፈጥራሉ። ሴሮቶኒን መጥቶ ቁልፉ ቦታ ላይ ሲያርፍ መተላለፊያው ይከፈታል። በዚያን ጊዜ እንደ ሶዲየም ያሉ ኤሌክትሪክ የተሸከሙ ቅንጣቶች ወደ ነርቩ ይገባሉ፤ ነርቩም ይነቃል። የነቃው ነርቭ ቬገስ የሚባለው ረጅም ነርቭ ሲሆን፣ ከሆድ ተነሥቶ እስከ አንጎል ግርጌ ይዘልቃል። መልእክቱ እዚያ ሲደርስ ምራቅ ይበዛል፣ ፊት ይገረጣል፣ ላብ ያጠምቃል፤ መልእክቱ ከበረታም ማስመለስ ይከተላል።

ዝንጅብል በሩ ላይ የሚሠራው ሥራ

የዝንጅብልን የሚያቃጥል ጣዕም የሚሰጡት በዋናነት ሁለት የንጥረ ነገር ቤተሰቦች ናቸው። በእርጥቡ ዝንጅብል ውስጥ የሚበዛው ጂንጀሮል ይባላል። ዝንጅብሉ ሲደርቅ ወይም ሲሞቅ ጂንጀሮል ከውስጡ ውኃ ያጣና ሾጋኦል ወደተባለ ሌላ ንጥረ ነገር ይለወጣል። ደረቅ ዝንጅብል ከእርጥቡ ይልቅ ጉሮሮን የሚያቃጥለው በከፊል በዚህ ምክንያት ነው።

በቤተ ሙከራ በሰውና በእንስሳት ሕዋሳት ላይ በተደረጉ ጥናቶች፣ ሁለቱም ንጥረ ነገሮች ዓይነት ሦስት የሴሮቶኒን ተቀባይን ሥራ እንደሚቀንሱ ታይቷል። ሾጋኦል ከጂንጀሮል የበለጠ ጉልበት አለው። ከሁሉ በላይ ትኩረት የሚስበው ግን ሥራቸውን የሚሠሩበት ቦታ ነው።

በሆስፒታል ለማስመለስ የሚሰጠው ኦንዳንሴትሮን የተባለው መድኃኒት የሚያርፈው ሴሮቶኒን ራሱ በሚያርፍበት የቁልፍ ቦታ ላይ ነው። ቁልፉ እንዳይገባ ቀዳዳውን ይይዛል። ጂንጀሮልና ሾጋኦል ግን በሌላ ጎን እንደሚጣበቁ ጥናቶቹ ያመለክታሉ። ሴሮቶኒን ቁልፉን ቢያስገባም በሩ እንደ ልብ አይከፈትም፤ ማጠፊያው ላይ ሽብልቅ እንደገባበት በር ይሆናል። ስለዚህ የሴሮቶኒኑ መጠን ቢጨምር እንኳ ዝንጅብሉን በቀላሉ ገፍቶ ሊያስለቅቀው አይችልም።

ይህ ማለት ግን ዝንጅብል ከመድኃኒቱ ይበልጣል ማለት አይደለም። ኦንዳንሴትሮን እጅግ በትንሽ መጠን ተቀባዩን አጥብቆ ይዘጋል። የዝንጅብል ንጥረ ነገሮች ለተመሳሳይ ሥራ በብዙ እጥፍ የበለጠ መጠን ያስፈልጋቸዋል፤ በሩንም የሚያዳክሙት እንጂ ሙሉ በሙሉ የሚቆልፉት አይደሉም።

እዚህ ላይ ሌላም ነገር መታየት አለበት። ሰው ዝንጅብል ሲወስድ ጂንጀሮልና ሾጋኦል ከአንጀት ወደ ደም እንደገቡ፣ ጉበትና የአንጀት ግድግዳ ፈጥነው ከሌላ ንጥረ ነገር ጋር ያጣምሯቸዋል። በደም ውስጥ በነጻ የሚገኘው መጠን በጣም ትንሽ ነው። በመሆኑም ዝንጅብል ዋና ሥራውን የሚሠራው በደም ተጉዞ አንጎል ደርሶ ሳይሆን፣ ገና በጨጓራና በአንጀት ውስጥ ሳለ ነው የሚለው አስተያየት ሚዛን ይደፋል። የተወሰደው ዝንጅብል ከአንጀት ሲያልፍ ሥራውም እየተዳከመ ይሄዳል። በጥናቶች ላይ የቀኑ መጠን በአንድ ጊዜ ከመሰጠት ይልቅ ተከፋፍሎ መሰጠቱም ከዚህ ጋር የሚስማማ ነው።

የዘገየ ጨጓራ

ሁለተኛው የዝንጅብል ሥራ ከጨጓራ እንቅስቃሴ ጋር የተያያዘ ነው። ጤናማ ጨጓራ ምግብ ሲገባበት የላይኛው ክፍሉ ላላ ብሎ ይቀበላል፤ የታችኛው ክፍሉ ደግሞ በደቂቃ ሦስት ጊዜ ያህል እየተጨማደደ ምግቡን ይፈጫል፣ ጥቂት በጥቂትም ወደ ትንሹ አንጀት ያሳልፋል። ሲያቅለሸልሽ ይህ ሥርዓት ይዛባል። የታችኛው ክፍል ይሰንፋል፣ ምግቡ ባለበት ይቆያል፣ ሆድ ይነፋል። የተወጠረው ጨጓራ ደግሞ በበኩሉ በቬገስ ነርቭ በኩል ተጨማሪ መልእክት ይልካል። በዚህ መልኩ አንዱ ሌላውን እያባባሰ ይሄዳል።

በእርግዝና ጊዜ ፕሮጄስትሮን የተባለው ሆርሞን ስለሚጨምር የሆድ ዕቃ ጡንቻዎች ይላላሉ። ጥቂት ጎርሳ ወዲያው የጠገበች የሚመስላት፣ የበላችውም ከሆዷ አልወርድ የሚላት ነፍሰ ጡር ችግሯ በከፊል ይኸው ነው።

እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመ የታይዋን ጥናት ይህን በሰው ላይ ለክቷል። 24 ጤነኛ በጎ ፈቃደኞች 1.2 ግራም የዝንጅብል ዱቄት በካፕሱል ወሰዱ፤ በሌላ ቀን ደግሞ ዝንጅብል የሌለበት አምሳያ ካፕሱል ተሰጣቸው። ከአንድ ሰዓት በኋላ ግማሽ ሊትር ሾርባ ጠጡ፤ ጨጓራቸውም በአልትራሳውንድ ታየ። ዝንጅብል በወሰዱበት ቀን የሾርባው ግማሽ ከጨጓራ ለመውጣት በአማካይ 13 ደቂቃ ያህል ወሰደበት። አምሳያውን በወሰዱበት ቀን 27 ደቂቃ ገደማ ቆየ። የጨጓራው የታችኛው ክፍልም በዝንጅብሉ ቀን ቶሎ ቶሎ ሲጨማደድ ታይቷል።

ይህ ውጤት ግን በሁሉም ዘንድ አልተደገመም። እ.ኤ.አ. በ1993 የታተመ ሌላ ጥናት አንድ ግራም ዝንጅብል የጨጓራን ፍጥነት አልለወጠም ብሏል። እነዚያው የታይዋን ተመራማሪዎች በ2011 የምግብ አለመፈጨት ችግር ባለባቸው 11 ሰዎች ላይ ሙከራውን ሲደግሙት፣ የጨጓራው ፍጥነት ቢጨምርም ሕመምተኞቹ የሚሰማቸው ስሜት ግን በግልጽ አልተሻለም። ስለዚህ ጨጓራን ማፍጠን ብቻውን ለእፎይታ ዋስትና አይሆንም። ዝንጅብል በይበልጥ የሚረዳው ሁለቱ ሥራዎቹ፣ ማለትም መልእክቱን ማዳከምና ጨጓራን ማንቀሳቀስ፣ ተደጋግፈው ሲሠሩ እንደሆነ መገመት ይቻላል።

በነፍሰ ጡሮች ላይ የታየው ውጤት

ዝንጅብል በሚገባ ከተፈተነባቸው ሁኔታዎች አንዱ የእርግዝና ማቅለሽለሽ ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 የታተመው የታይላንድ ጥናት ብዙ ጊዜ ይጠቀሳል። በጥናቱ የተሳተፉት 70 ነፍሰ ጡሮች ሲሆኑ እርግዝናቸው ከ17 ሳምንት አይበልጥም ነበር። ከፊሎቹ 250 ሚሊግራም የዝንጅብል ዱቄት የያዘ ካፕሱል በቀን አራት ጊዜ ለአራት ቀናት ወሰዱ። ሌሎቹ ተመሳሳይ መልክ ያለው፣ ዝንጅብል የሌለበት ካፕሱል ተሰጣቸው። የትኛውን እንደሚወስዱ አያውቁም ነበር።

ከአንድ ሳምንት በኋላ ሲጠየቁ፣ ዝንጅብል ከወሰዱት 32 ሴቶች 28ቱ ተሽሎናል አሉ። አምሳያውን ከወሰዱት 35 ሴቶች ደግሞ 10ሩ ተሽሏቸዋል። የኋለኛው ቁጥርም ሊዘነጋ አይገባም። የእርግዝና ማቅለሽለሽ በራሱ ጊዜ ከፍ ዝቅ የሚል በመሆኑ፣ ምንም ሳይወስዱ የሚሻላቸው አሉ። የዝንጅብል ድርሻ የሚለካው ከዚያ በላይ ባለው ልዩነት ነው።

የአሜሪካ የማኅፀንና የጽንስ ሐኪሞች ኮሌጅ ለባለሙያዎች በሚያወጣው መመሪያ ላይ ዝንጅብልን የማቅለሽለሽ ስሜትን ለመቀነስ ከሚታሰቡ አማራጮች አንዱ አድርጎ ያስቀምጠዋል። ማስመለስን በመቀነስ ረገድ ያለው ማስረጃ ግን ስሜቱን በመቀነስ ረገድ ካለው የደከመ ነው።

ብዙ መውሰድ ብዙ እንደማይጠቅምም ታይቷል። በአሜሪካ 576 የካንሰር ሕመምተኞችን ያሳተፈና እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ጥናት በቀን 0.5፣ 1 እና 1.5 ግራም ዝንጅብልን አነጻጽሯል። ሕመምተኞቹ መደበኛውን የማስመለስ መከላከያ መድኃኒት አላቋረጡም፤ ዝንጅብሉ በተጨማሪነት የተሰጠ ነበር። የማቅለሽለሹን ክብደት በይበልጥ የቀነሱት 0.5 እና 1 ግራም ናቸው እንጂ 1.5 ግራም አይደለም።

አንድ ምሳሌ፦ አንድ ግራም በቤት ውስጥ

አንዲት የዘጠኝ ሳምንት ነፍሰ ጡርን ለምሳሌ እንውሰድ። ጠዋት ከመኝታዋ ስትነሣ ያቅለሸልሻታል፣ የወጥ ሽታ ይረብሻታል፣ በቀን አንድ ሁለት ጊዜ ታስመልሳለች። ውኃና ጥቂት ምግብ ግን ሆዷ ይረጋል፤ ሽንቷም እንደ ወትሮው ነው። የጤና ጣቢያ ክትትል ጀምራለች፤ ሌላ ሕመም የለባትም። በእንዲህ ያለ ሁኔታ ላይ ያለች ሴት ከጤና ባለሙያዋ ጋር ተነጋግራ ዝንጅብልን ልትሞክር ትችላለች።

የተፈተነው መጠን በቀን አንድ ግራም ደረቅ ዱቄት ነው። በቤት ውስጥ የግራም ሚዛን ባይኖርም መገመት አያዳግትም። አንድ የሻይ ማንኪያ፣ አፉ ላይ በቢላ ጀርባ ተስተካክሎ ሲሞላ፣ ሁለት ግራም ገደማ የዝንጅብል ዱቄት ይይዛል። ስለዚህ የቀኑ መጠን ግማሽ የሻይ ማንኪያ ነው። ይህን ንጹሕ ወረቀት ላይ አፍስሶ በአራት እኩል ክፍል መክፈል ይቻላል። እያንዳንዱ ክፍል 250 ሚሊግራም ያህል ይሆናል።

የመጀመሪያውን ክፍል ጠዋት፣ ሁለተኛውን ቀትር ላይ፣ ሦስተኛውን ከሰዓት በኋላ፣ አራተኛውን ማታ ከመኝታ በፊት መውሰድ ነው። ዱቄቱን ለብ ባለ ውኃ፣ በቀጭን አጥሚት ወይም በጥቂት ማር ለውሶ መዋጥ ይቻላል። ባዶ ሆድን የሚያቃጥላት ከሆነ አስቀድማ ቁራሽ ዳቦ ወይም ጥቂት ቆሎ ብትቀምስ ይሻላል። ጨጓራው በአንድ ጊዜ እንዳይወጠርም ምግቡን በትንሽ በትንሹ፣ ቶሎ ቶሎ መመገብ ያግዛል።

የታይላንዱ ጥናት የቆየው ለአራት ቀናት ነበር። ስለሆነም ከአራት እስከ ሰባት ቀን ሞክሮ ለውጡን መመልከት በቂ ነው። ለውጡን ለማወቅ በየማታው ሁለት ነገር መመዝገብ ይጠቅማል፦ በዕለቱ ስንት ጊዜ አስመለሰች፣ ማቅለሽለሹስ ከአሥር ስንት ይሰጠዋል? መጀመሪያ ላይ ሰባት የነበረው በሳምንቱ መጨረሻ አራት ከሆነ ረድቷታል ማለት ይቻላል። ሰባት ላይ ከቆመ ግን መፍትሔው መጠኑን መጨመር ሳይሆን ወደ ጤና ባለሙያ መመለስ ነው። ጤና ተቋማት በእርግዝና ጊዜ ሊወሰዱ የሚችሉ ሌሎች መድኃኒቶች አሏቸው።

እርጥብ፣ ደረቅና ሻይ

እርጥብ ዝንጅብል ከክብደቱ አምስት እጁ አራቱ ያህል ውኃ ነው። አምስት ኪሎ እርጥብ ዝንጅብል በደንብ ሲደርቅ አንድ ኪሎ ገደማ የሚሆነው ለዚህ ነው። በዚህ ሒሳብ አንድ ግራም ዱቄት ከአምስት ግራም እርጥብ ዝንጅብል ጋር ይቀራረባል። 100 ግራም የሚመዝን ዝንጅብል በ20 እኩል ቁራጭ ቢከፈል አንዱ ቁራጭ የቀኑን መጠን ይሆናል ማለት ነው። ሆኖም ሁለቱ አንድ ዓይነት አይደሉም። በእርጥቡ ጂንጀሮል ይበዛል፤ በደረቁ ደግሞ ሾጋኦል ይጨምራል። ከላይ የተጠቀሱት የነፍሰ ጡሮችና የጨጓራ ጥናቶች የተሠሩት በዱቄት ነው።

ሻይ ለመጠጥ ቀላል ቢሆንም መጠኑን ለማወቅ ያስቸግራል። ጂንጀሮልና ሾጋኦል ከውኃ ይልቅ በቅባት የሚሟሙ በመሆናቸው፣ ሁለት ቁራጭ ጣል ተደርጎበት ወዲያው የሚቀዳ ሻይ ጣዕምና ሽታ እንጂ ብዙ ፍሬ ነገር አይኖረውም። ዝንጅብሉን ወቅጦ ወይም ፈግፍጎ፣ ክዳን ገጥሞ አሥር ደቂቃ ያህል ማፍላትና የተፈገፈገውንም አብሮ መዋጥ የተሻለ ነው። ስኳር የበዛበት ሻይ ግን አንዳንዱን ሰው ይብሱን ያቅለሸልሻል።

ዱቄቱን ራሳቸው ለሚያዘጋጁ ቤተሰቦች የአደራረቁ ነገር ከሁሉ ይቀድማል። ጂንጀሮል በብዛት ከቆዳው ሥር ስለሚገኝ ልጣጩን በወፍራሙ መላጥ ጉዳት አለው፤ አጥቦ በስሱ መፋቅ ይበቃል። በቀጫጭኑ ከትፎ ከመሬት ከፍ ባለ ቆጥ ወይም ንጹሕ ሰሌን ላይ ማስጣት ያስፈልጋል። በባዶ መሬት ላይ የሰጡት ዝንጅብል አፈርና የከብት እበት ይነካዋል፤ የነፍሰ ጡርን ሆድ ለማስታገስ የታሰበው ራሱ የተቅማጥ መነሻ ሊሆን ይችላል። መድረቁ የሚታወቀው ሲታጠፍ ሳይለመጥ ቀጭ ብሎ ሲሰበር ነው። የሚለመጥ ከሆነ በማዳበሪያ ከረጢት ውስጥ ይሻግታል። ነጭ ወይም አረንጓዴ ሻጋታ የታየበት፣ የሻገተ ሽታ ያለው ዝንጅብል ቢታጠብም ቢፈጭም ለምግብ አይሆንም፤ ሻጋታው የሚተወው መርዝ በመታጠብ አይጠፋም።

እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ በደቡብ ኢትዮጵያ የዝንጅብል ማሳዎችን ክፉኛ የጎዳው የባክቴሪያ አጠውልግ በሽታም ከዚህ ጋር ይነሣል። በበሽታው የተያዘው ሥር ይለሰልሳል፣ ውኃ ያዝላል፣ ሽታውም ይከረፋል። በርካሽ ስለሚገኝ ብቻ እንዲህ ያለውን ለዱቄት ማዋል አይገባም። የተቆረጠው ገጽ ጠንካራና ጥርት ያለ፣ ሽታውም የሚነቃቃ ሊሆን ይገባል።

የማይረዳበት ቦታ

ዝንጅብል የሚያዳክመው ከአንጀት የሚነሣውን መልእክት ከሆነ፣ በሌላ መንገድ የሚመጣ ማቅለሽለሽ ላይ ሥራው መድከሙ አይቀርም። ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የመኪና ጉዞ ነው። ጠመዝማዛ መንገድ ላይ የሚያቅለሸልሸው በዓይንና በውስጠኛው ጆሮ መካከል በሚፈጠር አለመጣጣም ነው። ይህ መልእክት ወደ አንጎል የሚሄደው በሌላ ነርቭ ሲሆን፣ በዋናነት የሚጠቀመውም ሂስታሚንንና አሴቲልኮሊንን እንጂ ሴሮቶኒንን አይደለም። ኦንዳንሴትሮንም ለጉዞ ማቅለሽለሽ ብዙ አይረዳም። በዝንጅብል ላይ የተደረጉት የጉዞ ሙከራዎችም አንዱ ጠቅሟል ሲል ሌላው አልጠቀመም ይላል።

በእርግዝናም እንዲሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 የታተመ ጥናት ከጽንሱና ከእንግዴ ልጁ የሚመነጭ ጂዲኤፍ 15 የተባለ ሆርሞን ከእርግዝና ማቅለሽለሽ ጋር በጥብቅ እንደሚገናኝ አሳይቷል። ይህ ሆርሞን በደም ተጉዞ መልእክቱን የሚያደርሰው በቀጥታ በአንጎል ግርጌ ለሚገኝ ተቀባይ ነው። ዝንጅብል በሚሠራበት የአንጀት በር አያልፍም። ቀላሉን ማቅለሽለሽ የሚያስታግሰው ዝንጅብል ከባዱን የእርግዝና ትውከት ሊያቆም የማይችልበት አንዱ ምክንያት ይህ ሳይሆን አይቀርም።

ወባ፣ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን፣ የጉበት ሕመምና የትርፍ አንጀት ሕመምም ያቅለሸልሻሉ። ዝንጅብል በእነዚህ ላይ ስሜቱን ጥቂት ቢያበርድ እንኳ በሽታውን አያክምም፤ ይልቁንም ወደ ጤና ተቋም የሚኬድበትን ጊዜ ያዘገያል። በተለይ ወባ በሚበዛባቸው ቆላማ ቀበሌዎች ትኩሳት ያለበት ማቅለሽለሽ በቤት ውስጥ መታየት የለበትም።

ጥንቃቄና የአደጋ ምልክቶች

በምግብ ውስጥ የሚገባ ዝንጅብል ለአብዛኛው ሰው ጉዳት የለውም። በመድኃኒትነት ሲወሰድ የሚያጋጥመው የተለመደ ችግር ቃር፣ ግሳትና የሆድ መቃጠል ነው። ዋርፋሪንን የመሰለ የደም ማቅጠኛ የሚወስዱ፣ የመድማት ችግር ያለባቸው ወይም ቀዶ ሕክምና የሚጠብቃቸው ሰዎች ግን ሐኪማቸውን ሳያማክሩ በየቀኑ ሊወስዱት አይገባም። የሐሞት ጠጠር ያለበት ሰውም አስቀድሞ ቢጠይቅ መልካም ነው። ነፍሰ ጡር እናት ደም ከታያት ወይም የመውለጃዋ ጊዜ ከተቃረበ፣ የዝንጅብል ዱቄት መውሰዷን ለአዋላጅ ነርሷ መንገር አለባት።

የሚከተሉት ምልክቶች ከታዩ ዝንጅብሉን ትቶ ሳይዘገዩ ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል መሄድ ያስፈልጋል፦

- ለአንድ ሙሉ ቀን ውኃ እንኳ ሆድ ሳይረጋ ሲቀር፤
- ሽንት ከስምንት ሰዓት በላይ ሲጠፋ ወይም እንደ ጥቁር ሻይ ሲጠቁር፤
- ብድግ ሲሉ ዓይን ሲጨልምና ራስን ሲያስት፤
- ከእርግዝና በፊት ከነበረው ክብደት ከ100 እጅ አምስት ሲቀንስ፤ 55 ኪሎ ለነበረች ሴት ይህ ሦስት ኪሎ ለመሙላት ጥቂት የቀረው ነው፤
- ትውከቱ ደም ሲቀላቅል፣ ትኩሳት ወይም ብርቱ የሆድ ቁርጠት ሲኖር፤
- ከእርግዝናው ዘጠነኛ ሳምንት በፊት ያልነበረ ማቅለሽለሽ ከዚያ በኋላ አዲስ ሲጀምር።

የመጨረሻው ነጥብ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። የእርግዝና ማቅለሽለሽ በአብዛኛው የሚጀምረው ከዘጠነኛው ሳምንት በፊት ሲሆን፣ በዚያው ሳምንት አካባቢ ይበረታና ብዙዎችን በአራተኛው ወር መጨረሻ ገደማ ይለቃቸዋል። ከዚህ ውጭ የሚመጣ ማቅለሽለሽ ሌላ መነሻ ሊኖረው ስለሚችል ምርመራ ይፈልጋል። ግማሽ የሻይ ማንኪያ ዝንጅብል የአንጀትን መልእክት ሊያለዝብ፣ የዘገየውን ጨጓራም ሊያነቃቃ ይችላል፤ መልእክቱ ለምን እንደተላከ ለማወቅ ግን የጤና ባለሙያ ዓይን ያስፈልጋል።